ፕሮፎርማ ለእንቅርት ኦፕራሲዮን

ለ፦ በጅማ ከተማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በዙሪያቸው ለምትገኙ የግል ክሊኒኮች፣ የቀዶ ሕክምና ማዕከላትና ሆስፒታሎች ሥራ አስኪያጆች

ጉዳዩ፦ ቀጠሮ ለሚያዝለት ሕክምና ዝርዝር የወጪ ግምት በጽሑፍ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

እናንተ ጋ ፕሮፎርማ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ሊያሳክም ሲልክ፣ የሒሳብ ክፍላችሁ የአልጋውን፣ የኦፕራሲዮኑን፣ የመድኃኒቱን ለየብቻ ዘርዝሮ፣ ደምሮ፣ ማኅተም መትቶ ይሰጠዋል። የራሱን ብር ቋጥሮ ከጎማ ወይም ከሊሙ ኮሳ ለመጣ ገበሬ ግን ከካሸሩ መስኮት የሚወጣለት መልስ አንድ ቁጥር ነው፤ እሱም በቃል። ለመሥሪያ ቤት የምትጽፉትን ወረቀት ለእኛም ጻፉልን ለማለት ነው ይህን ደብዳቤ የምጽፈው። ዋጋ ቀንሱ አላልኩም።

ነገሩን በአንድ ታካሚ ላስረዳ። አክስቴ የሚኖሩት አጋሮ አካባቢ ነው። እንቅርቱ ብዙ ዓመት አብሯቸው ኖሯል፤ በእኛ አገር ደጋ አዮዲን የሌለው ጨው ሲበላ ለኖረ ትውልድ፣ በተለይ ለሴቶቹ፣ እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም። ባለፈው ዓመት ግን ሲተኙ ትንፋሽ ያሳጥራቸው፣ እንጀራ ሲውጡ ያዝ ያደርጋቸው ጀመር። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ረዘመባቸውና ጅማ ወዳለ አንድ የግል ተቋም ሄዱ። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ የገጠማቸው ነገር የአንድ ቤት ጠባይ ብቻ አይደለምና። "ኦፕራሲዮኑ 45 ሺህ ብር ነው" ተባሉ። ልጆቻቸው 48 ሺህ ይዘው መጡ፤ ሦስቱ ሺህ ለአስታማሚ ምግብና መኝታ መሆኑ ነው።

ታክመው ሲወጡ ለሕክምናው ብቻ የተከፈለው 67,450 ብር ሆነ። ደረሰኞቹንና ብጣሽ ወረቀቶቹን ሰብስቤ አንድ በአንድ አየኋቸው። ከኦፕራሲዮኑ በፊት የተደረጉት ምርመራዎች፣ ማለትም የእንቅርት ሆርሞኑ፣ የደም ቆጠራው፣ የኩላሊቱ፣ የልብ ኢሲጂው፣ የአንገት አልትራሳውንዱና የደረት ራጁ፣ ተደምረው 6,800 ብር ወስደዋል። ከእብጠቱ በመርፌ ለተወሰደው ናሙና 1,500 ተከፍሏል። በዋዜማው ማታ አንዲት ነርስ "ይህን ከውጭ ገዝታችሁ ኑ" ብላ የሰጠቻቸው ወረቀት ላይ የሰመመን መድኃኒት፣ የስፌት ክር፣ ጓንት፣ ግሉኮስ፣ አንቲባዮቲክና ከቁስሉ ደም የሚያወጣ ቱቦ ነበረበት፤ እሱ 7,350 ሆነ። ሁለት ሌሊት ያድራሉ የተባሉት ሴትዮ አራት አደሩ፤ የጨመረው አልጋ 2,400። ተቆርጦ የወጣው እንቅርት ለፓቶሎጂ ምርመራ ሲላክ 2,500። የካልሲየም ምርመራውና መውጫው ላይ የታዘዘው መድኃኒት ደግሞ 1,900። ከተነገራቸው ዋጋ በላይ የከፈሉት 22,450 ብር ነው፤ የዋናውን ግማሽ ያህል መሆኑ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ያለ አግባብ የተጠየቀ አይመስለኝም። የሆርሞን ምርመራ ሳይደረግ እንቅርት የሚቆርጥ ሐኪም ቢገኝ እኔ ራሴ አክስቴን ይዤ እሸሽ ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከ22,450 ብሩ ውስጥ 18,150ው፣ ማለትም ምርመራው፣ የመርፌ ናሙናው፣ ከውጭ የተገዛውና ፓቶሎጂው፣ "45 ሺህ" በተባለበት ቀን እናንተ ዘንድ የታወቀ ነበር። ክር ያስፈልጋል ብሎ በዋዜማው ማታ የሚደነቅ የቀዶ ሕክምና ክፍል የለም። ሳይታወቅ የመጣው የአልጋውና የካልሲየሙ 4,300 ብር ብቻ ነው።

ይህ ለምን ይህን ያህል ያንገበግባል የሚል ካለ የቡናውን ወር ይቁጠር። ኦፕራሲዮኑ የተሠራው በመስከረም ነው። በመስከረም እኛ አገር ቤት ውስጥ ብር የለም፤ ቀይ እሸት የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲህ ነው፣ ያለፈው ዓመት ጀንፈልም 48 ሺሁን ለመሙላት ተሽጦ አልቋል። ታካሚዋ አልጋ ላይ እያሉ የጎደለውን ለመሙላት የነበረው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ ገና ዛፍ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ያለውን ቡና ለነጋዴ አስቀድሞ መሸጥ። እንዲህ ያለው ሽያጭ በማን ዋጋ እንደሚፈጸም ለጅማ ሰው አልነግርም። ሐኪሙ በሐምሌ ሲያዩአቸው "ጥቂት ወራት ቢቆይ ችግር የለውም" ብለው ነበር። በሐምሌ 63 ሺህ ገደማ የሚል ወረቀት በእጃቸው ቢኖር ኖሮ ቀጠሮውን ወደ ኅዳር ማዞር ይችሉ ነበር። ድንገተኛ ሕመም ይህን ዕድል አይሰጥም፤ ቀጠሮ ያለው ሕክምና ግን ይሰጣል። ዝርዝሩን የምንፈልገው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ ምን ይመስል? ጅማ ውስጥ ማንኛውም ጋራዥ መኪና ሲቀበል ሁለት ነገር ለይቶ ይነግራል፤ ከመለዋወጫ ሱቅ የምትገዛው ይህ ይህ ነው፣ የእኔ የእጅ ዋጋ ደግሞ ይህ ነው ይላል። እናንተም በዚሁ ልክ ብትጀምሩ ይበቃናል። በአንድ በኩል እናንተ ዘንድ የሚከፈለው ይጻፍ፤ የኦፕራሲዮን ክፍሉ፣ የቀዶ ሐኪሙ፣ የሰመመን ባለሙያው፣ አልጋው በሌሊት ስንት እንደሆነና ስንት ሌሊት እንደተገመተ። በሌላ በኩል ከእናንተ ውጭ የምንከፍለው ይጻፍ፤ ከፋርማሲ የሚገዛው በስምና በብዛት፣ ሌላ ላብራቶሪ የሚላከው ምርመራ፣ የፓቶሎጂው። የውጭውን ዋጋ ላታውቁት ትችላላችሁ፤ ስሙንና ብዛቱን ከጻፋችሁልን ዋጋውን እኛ ከሁለት ፋርማሲ ጠይቀን እንሞላዋለን። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ብቻ ክፍት ፋርማሲ ሲገኝ የሚገዛ ክርና፣ በሳምንቱ መሐል ቀን ላይ ተጠይቆ የሚገዛ ክር ዋጋቸው አንድ አይደለም።

የባለሙያዎቹ ክፍያ ለብቻው ይጻፍ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። በከተማችን በግል ተቋም ኦፕራሲዮን የሚሠሩ ስፔሻሊስቶች ብዙውን ጊዜ ሌላ ቦታ ቋሚ ሥራ ያላቸው፣ በትርፍ ሰዓታቸው የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ "45 ሺህ" ሲባል የሰመመን ባለሙያው ውስጥ አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ ክብር መንካት ሳይሆን ሒሳብ ነው። ኦፕራሲዮኑ ካለቀ በኋላ ኮሪደር ላይ "ለሰመመን ደግሞ..." ከመባባል በፊት በወረቀት ቢያልቅ ለሁላችንም ያምራል።

እዚህ ላይ ለእናንተ ልፍረድ። እንቅርት ያለባት ሴት ከታክሲ ወርዳ በቀጥታ መስኮቱ ላይ "ስንት ነው?" ብትል እውነተኛ መልስ ሊኖራችሁ አይችልም። አንዱን ጎን ብቻ ማውጣትና ሁሉንም ማውጣት በሰዓትም በመድኃኒትም ይለያያሉ። እንቅርቱ ወደ ደረት ውስጥ ወርዶ ከሆነ ሥራው ይከብዳል፣ ምናልባትም እዚህ የማይሠራና ሪፈር የሚጻፍለት ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሆርሞኑ አለ። እንቅርቱ ሆርሞን የሚያበዛ ሆኖ ከተገኘ፣ ማለትም ልብ የሚያስመታ፣ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያከሳ ዓይነት ከሆነ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ሆርሞኑን የሚያወርድ መድኃኒት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይሰጣል፤ በመሐሉ ምርመራው ይደገማል። ሆርሞኑ ሳይስተካከል ቢቆረጥ ልብንና የሰውነትን ሙቀት መቆጣጠር የሚያቅት አደገኛ ሁኔታ ሊከተል ይችላል። ለእንዲህ ያለች ታካሚ ወጪው የሚጀምረው ከኦፕራሲዮኑ ወራት ቀድሞ ነው፤ የየወሩ መድኃኒትና የየድጋሚው ምርመራ ግምቱ ውስጥ ካልገባ ግምት አይባልም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሁለት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው አጭር ነው፤ የምርመራው ዋጋ ብቻ ነው፣ ካርድ በወጣበት ቀን ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛው ሐኪሙ የሆርሞኑን፣ የአልትራሳውንዱንና የመርፌ ናሙናውን ውጤት አይቶ "ይህን እሠራለሁ" ካለ በኋላ የሚጻፈው ነው። ወረቀቱ ላይ የኦፕራሲዮኑ ስም በትክክል ይስፈር፤ "የእንቅርት ኦፕራሲዮን" ብቻ ሳይሆን አንድ ጎን ነው፣ ሁለት ጎን ነው የሚለው። ስሙ ካልተጻፈ የሁለት ተቋማትን ዋጋ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ትርጉም የለውም፤ ርካሽ የመሰለው አንዱን ጎን ብቻ አስቦ ይሆናልና።

ሊከሰት ስለሚችለውም አንድ ሁለት መስመር ይኖር። እንቅርት ከወጣ በኋላ ባሉት አንድ ሦስት ቀናት ከጀርባው የተለጠፉት ትንንሽ ዕጢዎች ተነክተው ከሆነ የደም ካልሲየም ይወርዳል፤ ታካሚዋ ከንፈሯንና የጣቶቿን ጫፍ ውርር ያደርጋታል፣ ጡንቻዋ ይኮማተራል። አክስቴ ሁለት ሌሊት የጨመሩት በዚህ ነው፤ በደም ሥር ካልሲየም ተሰጥቷቸው ተስተካከለላቸው። በየታካሚው ላይ አይደርስም፤ እንግዳ ነገርም አይደለም። ስለዚህ "ካልሲየም ከወረደ በቀን ይህን ያህል ይጨምራል" ተብሎ አስቀድሞ ሊጻፍ ይችላል። አንገት ውስጥ ደም ተጠራቅሞ ድጋሚ መከፈት ቢያስፈልግስ? ታካሚዋ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ብትባል አምቡላንሱን ማን ይከፍላል? ያስያዝነው ገንዘብ የቀረው ይመለሳል ወይ? አስፈሪ ነገር ስለሆነ አይወራም የሚል ካለ፣ የስምምነት ፎርሙ ላይ ይህንኑ ሁሉ አንብበን እንድንፈርም ታደርጉናላችሁ። ለሕይወታችን ያስፈረማችሁንን ለኪሳችን ብትነግሩን አንደነግጥም።

ሁሉም እንቅርት ለወጣለት ሰው ከዚያ በኋላ የሆርሞን ክኒን ዕድሜ ልክ ነው። ይህ የክሊኒኩ ገቢ ስላልሆነ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ይግባ፤ ቢያንስ በቃላት ይግባ። ክኒኑን ሦስት ወር ወስዶ ብር ሲያልቅበት የተወ ሰው ያበጠ ፊት፣ የደከመ ሰውነት፣ ብርድ ብርድ የሚለው ሆኖ ይመለሳል፤ መንስኤው ሲፈለግ ደግሞ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ወጪ ነው።

ከአንዳንዶቻችሁ ጋር ስነጋገር የሰማኋቸው መልሶች አሉ። አንደኛው "የመድኃኒት ዋጋ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ በኋላ በወረቀታችሁ ትከሱናላችሁ" የሚል ነው። እውነት አለው፤ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ዋጋው እንዴት እንደዋለ ሁላችንም አይተናል። መፍትሔው ግን ፕሮፎርማው ውስጥ ራሱ አለ፤ ለመሥሪያ ቤት ስትጽፉ ግርጌው ላይ "ይህ ዋጋ ለዚህን ያህል ቀን የጸና ነው" ትላላችሁ። ለእኛም በሉ። ሁለተኛው "ዝርዝሩን ይዛችሁ ሌላ ቤት ዋጋ ልታወዳድሩ ነው" የሚል ነው። አዎ፣ ልናወዳድር ነው።

ሦስተኛውን ግን በቀላሉ አላልፈውም። አንድ ሐኪም "ዝርዝሩን ካየ ገበሬው ፓቶሎጂውን ቆርጦ ይጥላል" አሉኝ። ሊያደርገው ይችላል። ተቆርጦ የወጣ እንቅርት ውስጥ ካንሰር መኖር አለመኖሩ የሚረጋገጠው በዚያ ምርመራ ነው፤ 2,500 ብር ለማትረፍ እሱን የተወ ሰው ምን እንደተወ አያውቅም። ይህ ግን ዝርዝሩን ለመደበቅ ምክንያት አይሆንም፤ እየደበቃችሁም ቢሆን ያው ሰው ኦፕራሲዮኑ ካለቀ፣ ኪሱ ከተራቆተ በኋላ "ናሙናውን ውሰዱና ላኩ" ሲባል ነው የሚተወው። ያን ጊዜ ሊከፍል ቢፈልግ እንኳ የለውም። ዝርዝሩ ላይ ከየመስመሩ ፊት "የማይቀር" እና "ሊቆይ የሚችል" የሚል ቃል ቢኖርና ሐኪሙ ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ ቢያስረዳ፣ ፓቶሎጂውን አስቀድሞ ለብቻው ቋጥሮ የሚመጣው ሰው ይበዛል ብዬ አምናለሁ።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የዕቃም የአገልግሎትም ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍ፣ ደረሰኝ እንዲሰጥ፣ ሸማቹም ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ ያዛል። በየግድግዳችሁ የተለጠፈው ግን የካርድና የላብራቶሪ ዋጋ ነው፤ ሰው ቡናውን የሚሸጥለት ትልቁ ወጪ እዚያ ላይ የለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ መድን የሌለው ወይም በራሱ የሚከፍል ታካሚ ቀጠሮው ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን አስቀድሞ ከተያዘ ዝርዝር ግምት በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ የመጨረሻው ሒሳብ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ አቤት ማለት ይችላል። ያን ያህል ሩቅም መሄድ አያስፈልግም። ከእኛው መሐል ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ባንኮክ የሚሄድ ሰው አውሮፕላን ሳይሳፈር በፊት የወጪ ግምቱ በኢሜይል ይደርሰዋል። ከአጋሮ ለሚመጣ ሰው አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ያለው።

"የጤና መድን አላችሁ አይደል?" የሚል አይጠፋም። አለን። ሊሙ ኮሳ እንዲያውም በ2003 ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአገሪቱ ሲሞከር ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዱ ነው፤ አባቶቻችን መዋጮ መክፈሉን ከማንም ቀድመው ለምደውታል። መድኑ የሚያገለግለው ግን ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዞ፣ ውል ወዳለው ተቋም፣ በአብዛኛው ወደ መንግሥት ሆስፒታል ለሄደ ሰው ነው። ወረፋው ረዝሞበት እናንተ ዘንድ የመጣ ሰው ሙሉውን ከኪሱ ነው የሚከፍለው። የእናንተ ዝርዝር ቢኖር እኮ ወረፋ መጠበቅና መክፈል የቱ እንደሚሻል ራሱን ችሎ ያሰላ ነበር።

ወረቀቱን እስክትጀምሩ ድረስ እኛም ዝም አንልም። ከእንግዲህ ከቤተሰቤ ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጣ ይህን ይጠይቃል፦ "ዶክተር፣ የኦፕራሲዮኑን ሙሉ ስም ይጻፉልኝ። ከውጭ የምገዛውን በስምና በብዛት ይጻፉልኝ። ስንት ሌሊት አድራለሁ? የሰመመኑ ክፍያ ውስጥ አለ? ናሙናው የት ይላካል፣ በስንት?" መልሱን ይዞ ወደ ሒሳብ ክፍል ወርዶ ዋጋ ያስሞላል፣ ማኅተም ያስመታል። ማኅተም አንመታም ካላችሁ ቀንና የጻፈው ሰው ስም ይበቃናል። እድራችን ለታመመ አባል ሲያዋጣም ሆነ ዘመድ ከውጭ አገር ብር ሲልክ የሚጠየቀው ይኸው ወረቀት ነው።

የዘንድሮው ለቀማ ሊጀመር ሳምንታት ቀርተውታል። ኦፕራሲዮናቸውን ለኅዳርና ለታኅሣሥ ያቆዩ ብዙ ሰዎች በቅርቡ ወደ በራችሁ ይመጣሉ። እነሱ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ገጽ ፎርም አዘጋጅታችሁ በሒሳብ ክፍል መስኮት ላይ እንድታስቀምጡ፣ ለቀዶ ሐኪሞቻችሁም ሁለተኛውን ወረቀት ሳይጽፉ ቀጠሮ እንዳይሰጡ እንድትነግሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። የመጀመሪያውን ፎርም በእንቅርት ብትጀምሩት በቂ ነው፤ የቡአውንና የሐሞት ጠጠሩን ከዚያ እናወራለን።

ከሰላምታ ጋር
ከጎማ ወረዳ፣ የአንዲት ታካሚ ቤተሰብ

ግልባጭ፦
ለጅማ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት
ለጅማ ዞን ጤና ጽሕፈት ቤት